99.5 ፋራናይት ትኩሳት ነው ወይስ አይደለም? ከአሜሪካ የመጣ ቴርሞሜትር አነባበብ

ከአሜሪካ በሻንጣ ከሚመጡ የቤት ዕቃዎች አንዱ ቴርሞሜትር ነው። ልጅ ላለበት ቤት ጥሩ ስጦታ ነው፤ ግራ መጋባቱ የሚጀምረው ልጁ ሞቅ ሞቅ ብሎት ብብቱ ሥር ሲገባና 99.5 ላይ ሲቆም ነው። ጤና ጣቢያ ሲኬድ የሚሰማው 37፣ 38፣ 39 ነው፤ በመቶ አካባቢ ያለ ቁጥር ማንም ጠርቶ አያውቅም። አንዱ ወላጅ «መቶ ሊሞላ ነው» ብሎ ይደነግጣል። ሌላው ደግሞ ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት ገልጦ «ትኩሳት የሚባለው 100.4 ሲሆን ነው» የሚለውን ያነብና ልጁን መልሶ ያስተኛዋል። ሁለቱም ሊሳሳቱ ይችላሉ፤ የሁለተኛው ስህተት ግን የበለጠ አደገኛ ነው።

መልሱን ከወዲሁ እናስቀምጠው። 99.5 ፋራናይት ማለት 37.5 ሴልሺየስ ነው፤ ሳይጨምር ሳይቀንስ። ይህ ቁጥር ትኩሳት መሆን አለመሆኑን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ከየትኛው የሰውነት ክፍል እንደተለካና የተለካው ሰው ዕድሜ። ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን ብብት ውስጥ 99.5 ከታየ፣ ትኩሳት ነው፤ በዚያው ቀን ጤና ተቋም መድረስ አለበት። አንድ ጤነኛ ወጣት ከሰዓት በኋላ ከምላሱ ሥር ለክቶ 99.5 ቢያገኝ ግን ትኩሳት አይባልም። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ቀስ እያልን እናየዋለን።

ቁጥሩ ለምን ይህን ያህል ትልቅ ሆነ?

አንድን ጣቃ ጨርቅ በሜትርም በክንድም መለካት ይቻላል፤ ጨርቁ ያው ነው፣ ቁጥሩ ግን ይለያያል። የሰውነት ሙቀትም እንዲሁ ነው። በሴልሺየስ ውኃ በረዶ የሚሆነው በ0፣ የሚፈላው በ100 ነው። በፋራናይት በረዶ የሚሆነው በ32፣ የሚፈላው በ212 ነው። ስለዚህ ያው ርቀት በአንዱ 100 ቦታ፣ በሌላው 180 ቦታ ተከፍሏል ማለት ነው። አንድ ሴልሺየስ 1.8 ፋራናይት የሚሆነው ለዚህ ነው። ኢትዮጵያን ጨምሮ አብዛኛው ዓለም በሴልሺየስ ሲለካ፣ አሜሪካ በዕለት ተዕለት ኑሮ ፋራናይትን ይዛ ቆይታለች።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ 32 ይቀነሳል፣ የቀረው ለ1.8 ይካፈላል፦

```
(99.5 − 32) ÷ 1.8 = 67.5 ÷ 1.8 = 37.5
```

ሌሊት ልጅ ታቅፎ ማካፈል ግን አይመችም። ለዚያ ጊዜ የሚሆን አቋራጭ አለ። 98.6 ፋራናይት 37 ሴልሺየስ መሆኑን ብቻ ይያዙ፤ ከዚያ በኋላ በፋራናይት 0.9 በጨመረ ቁጥር በሴልሺየስ ግማሽ ዲግሪ ይጨምራል። ሲቀንስም እንዲሁ። በዚህ መንገድ የሚገኙትን ጽፎ መለኪያው ማቀፊያ ላይ በፕላስተር መለጠፍ ነው፦

95.9 = 35.5
97.7 = 36.5
98.6 = 37
99.5 = 37.5
100.4 = 38
101.3 = 38.5
102.2 = 39
104 = 40

እዚህ ላይ ሁለት ስህተቶች ይዘወተራሉ። የመጀመሪያው ለአየር ጠባይ የሚያገለግለውን «30 ቀንስና ለሁለት ክፈል» የሚል ዘዴ ለትኩሳት መጠቀም ነው። በዚያ ዘዴ 99.5 ሲሰላ 34.75 ይሆናል፤ ይህ ደግሞ ቅዝቃዜ የመታው ሰው ሙቀት ነው። ዛሬ ካፖርት ልልበስ አልልበስ ለሚል ሰው የሦስት ዲግሪ ስህተት አያስጨንቅም፤ ለሕመምተኛ ግን ነገሩን ሁሉ ይገለብጠዋል። ሁለተኛው ስህተት የፋራናይትን ጭማሪ እንደ ሴልሺየስ ጭማሪ መቁጠር ነው። ከ99.5 ወደ 100 ሲያልፍ ብዙ ሰው «ግማሽ ዲግሪ ጨመረበት» ይላል። በሴልሺየስ ግን የጨመረው 0.3 ገደማ ብቻ ነው። መቶ የሚለው ቁጥር ሙሉ ስለሆነ ያስፈራል እንጂ፣ 100 ፋራናይት ማለት 37.8 ሴልሺየስ ነው።

መለኪያውን ራሱን ወደ ሴልሺየስ መቀየር አይቻልም?

ብዙዎቹ ዲጂታል ቴርሞሜትሮች ይቀየራሉ። ያለው ቁልፍ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብቻ ነው። በአንዳንዱ መለኪያው ጠፍቶ እያለ ቁልፉን ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ መያዝ ነው፤ በሌላው ከበራ በኋላ ነው የሚያዘው። ስክሪኑ ዳር ያለው F ወደ C ከተለወጠ ተሳክቷል። ሁለቱንም ሞክረው ካልተለወጠ፣ በተለይ ለአሜሪካ ገበያ ብቻ ከተሠሩት አንዱ ነው፤ ያኔ ከላይ ያለውን ዝርዝር ይዞ መጠቀም ነው። የተቀየረ መለኪያ በድንገት ሲጫኑት ተመልሶ ወደ F ሊሄድ ይችላልና በለኩ ቁጥር ዳር ላይ ያለችውን ፊደል ይዩ።

አንድ በጣም የተለመደ ስህተት ደግሞ ገና ሲበራ ይፈጸማል። ብዙ መለኪያዎች ሲበሩ ባለፈው ጊዜ የለኩትን ቁጥር ለአፍታ ያሳያሉ። ትናንት ማታ 102 ታይቶ ከነበረ፣ ዛሬ ጠዋት ሲበራም 102 ብሎ ይጀምራል። ያንን የዛሬ አድርገው የሚያነቡ ሰዎች አሉ። ቁጥሩ ጠፍቶ Lo ወይም ብልጭ ድርግም የምትል F እስክትመጣ መጠበቅ ያስፈልጋል። Lo ማለት የሚለካው ነገር ከመለኪያው የታችኛው ወሰን በታች ነው ማለት ነው፤ ሳይጀምር መታየቱ ትክክል ነው። ልኬቱ አልቆ Lo ካለ ግን ጫፉ ገላ አልነካም።

የመጣው የመስታወት ቴርሞሜትር ከሆነ የመስመሮቹ ነገር ይለያል። በሴልሺየሱ ላይ እያንዳንዷ ትንሽ መስመር 0.1 ናት። በፋራናይቱ ላይ ግን እያንዳንዷ ትንሽ መስመር ብዙውን ጊዜ 0.2 ናት፤ በሁለት ሙሉ ቁጥሮች መካከል አምስት ክፍት ቦታ አለ። የሴልሺየሱን የለመደ ዓይን ከ99 በኋላ ሁለት መስመር ቆጥሮ «99.2» ይላል፤ ልኩ ግን 99.4 ነው። 99.5 በዚህ መለኪያ ላይ የራሱ መስመር የለውም፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው መስመር መካከል የሚገኝ ነው። ከመለካት በፊት ፈሳሹ ከ96 በታች እስኪወርድ ድረስ መለኪያው መራገፍ አለበት፤ ካልተራገፈ የሚነበበው የትናንቱ ነው። ውስጡ ያለው ባዜቃ ከሆነ፣ ከተሰበረ ትነቱ መርዝ ስለሆነ፣ ለሕፃናት ዲጂታሉ ይመረጣል።

በብብት በትክክል የሚለካው እንዴት ነው?

99.5 ወሰን ላይ የቆመ ቁጥር ስለሆነ የአለካክ ስህተት ከወሰኑ ወዲህም ወዲያም ሊገፋው ይችላል። ጥሩ የሚባል ዲጂታል መለኪያ እንኳን ወደ ላይም ወደ ታችም 0.2 ፋራናይት ሊስት ይፈቀድለታል። ስለዚህ በአንድ ጊዜ ልኬት 99.5 ማለት ከ99.3 እስከ 99.7 ካለው አንዱ ነው ማለት ነው።

ሕፃኑ ከእናቱ ጀርባ ገና ከወረደ፣ ገላውን ገና ከታጠበ፣ ወይም በጋቢ ተጠቅልሎ ከቆየ፣ ልብሱን አቅልሎ 15 ደቂቃ ያህል መጠበቅ ያስፈልጋል። ብብቱ ላብ ካለው በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል። የመለኪያው ጫፍ የሚገባው ብብቱ መሀል፣ ከፍ ካለው ጥልቅ ቦታ ላይ ነው፤ መለኪያው በክንዱ ርዝመት አቅጣጫ ከታች ወደ ላይ ሲገባ ጫፉ በቀላሉ እዚያ ይደርሳል። በአግድም ከፊት ወደ ኋላ ከገባ ጫፉ በጀርባ በኩል ሾልኮ ይወጣና የክፍሉን አየር ይለካል። የተገኘው ቁጥር ያለወትሮው ዝቅ ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው። ካናቴራም በመሀል እንዳይገባ። ከዚያ ክንዱ ከደረቱ ጋር ገጥሞ ይያዛል፤ ሕፃን ከሆነ ታቅፎ በእጅ መያዝ ነው።

ድምፁ ሲጮህ ሁሉም ሰው ወዲያው ያወጣዋል። መለኪያው የሚጮኸው ግን ቁጥሩ መጨመሩን ያቆመ ሲመስለው ነው። ብብት ተከፍቶ የቆየ ከሆነ ቆዳው ቀስ ብሎ ስለሚሞቅ፣ መለኪያው ቶሎ ይሸወዳል። ከጮኸም በኋላ ክንዱን ሳይከፍቱ፣ ከጅምሩ ጀምሮ አምስት ደቂቃ እስኪሞላ ቢቆይ የተሻለ ነው፤ ብዙ መለኪያዎች ከድምፁ በኋላም ቁጥሩን ከፍ ማድረጋቸውን ይቀጥላሉ። ሲጮህ 98.9 የነበረው አምስት ደቂቃ ሲሞላ 99.5 ሆኖ ማግኘት አዲስ ነገር አይደለም።

ከምላስ ሥር የሚለካ አዋቂ ደግሞ ቡና፣ ሻይ ወይም ቀዝቃዛ ውኃ ከጠጣ ግማሽ ሰዓት ያህል መጠበቅ አለበት። ቡና እየጠጡ ተለክቶ የተገኘ 99.5 የቡናው ነው። ፓራሲታሞል ከተወሰደም ሰዓቱ መያዝ አለበት፤ መድኃኒቱ ለአራት እስከ ስድስት ሰዓት ያህል ሙቀቱን ስለሚያወርድ፣ በዚያ መሀል የታየ 99.5 እውነተኛውን ከፍታ አያሳይም።

ግንባር ላይ የሚደገነው መለኪያ 99.5 ካሳየ፣ ግንባሩ ላብ ወይም ፀሐይ የመታው አለመሆኑን፣ መለኪያው የዕቃ ሳይሆን የሰው ሙቀት በሚለካበት ምርጫ ላይ መሆኑን አይቶ በብብት ማረጋገጥ ነው። ለወሰን ላይ ቁጥር ግንባር ላይ መተማመን አይገባም።

ወረቀቱ 100.4 ይላል፣ ጤና ጣቢያ 37.5 ይላል፤ የማንን እንያዝ?

የነገሩ ቁልፍ እዚህ ነው። በአሜሪካ ለሕፃናት የሚጠቀሰው 100.4 በፊንጢጣ የሚለካ ሙቀት ነው። ፊንጢጣ የሰውነት ውስጠኛ ሙቀት በደንብ የሚታይበት ቦታ ነው። በኢትዮጵያ ጤና ጣቢያና ጤና ኬላ ግን ሕፃናት የሚለኩት በብብት ነው፤ ባለሙያዎቹ የሚመሩበት፣ የዓለም ጤና ድርጅትን መመሪያ የተከተለው የሕፃናት ሕክምና ሰነድ ትኩሳት የሚለው በብብት 37.5 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። ብብት የቆዳ ሙቀት ስለሆነ ከውስጠኛው ሙቀት በግምት ግማሽ ሴልሺየስ ዝቅ ይላል። ግማሽ ሴልሺየስ ደግሞ 0.9 ፋራናይት ነው። አሁን ደምሩት፦ 99.5 ሲደመር 0.9፣ 100.4። ሁለቱ ወሰኖች አይጋጩም፤ ያንኑ ሙቀት ከተለያየ ቦታ ያዩ ናቸው።

ስለዚህ በብብት ለክቶ በወረቀቱ 100.4 መዳኘት ነው ስህተቱ። እንዲህ ያደረገ ሰው እውነተኛ ትኩሳት ያለበትን ልጅ «ገና አልደረሰም» ብሎ ሊያቆየው ይችላል።

እንዲህ ከሆነ ሁልጊዜ በብብት የተገኘው ላይ 0.9 እየጨመርን ብንናገርስ? አይመከርም። ልዩነቱ ከሰው ሰው፣ ከሰዓት ሰዓት ይለያያል፤ ግማሽ ዲግሪ የሚባለው አማካይ ነው። ከዚህም በላይ «ግማሽ ዲግሪ ጨምር» የሚለውን ምክር ሰምተው በፋራናይት ቁጥር ላይ 0.5 የሚጨምሩ አሉ፤ ያ ከሚፈለገው ግማሹን ያህል ብቻ ነው። የታየውን ቁጥር እንዳለ ይዞ፣ «በብብት» ብሎ መናገር ይበቃል። ባለሙያው ልዩነቱን ያውቀዋል።

አሜሪካ ውስጥ ሕፃን የሚያሳድጉ ወላጆች ደግሞ በዚያ ያለው አሠራር ትንሽ እንደሚለይ ይወቁ። ሦስት ወር ያልሞላው ሕፃን በፊንጢጣ 100.4 እና ከዚያ በላይ ካለው ሐኪም ዘንድ ወዲያው ይደወላል፤ በብብት 99 እና ከዚያ በላይ ከታየ ብዙ የሕፃናት ሐኪሞች በፊንጢጣ እንዲረጋገጥ ይጠይቃሉ።

የአምስት ሳምንት ሕፃን ብብት ላይ 99.5 ታየ፤ ምን ይደረግ?

ሁኔታውን እንዲህ እናስበው። አዲስ አበባ፣ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት። ሕፃኗ በፎጣና በጋቢ ተጠቅልላ ተኝታ ነበር፤ እናትየው አንገቷን ስትነካት ሞቃት ሆነችባት። መለኪያው 99.5 አለ። በመጀመሪያ ጋቢው ይነሳ፤ አንድ ስስ ልብስ ብቻ ይቅር። በቀዝቃዛ ውኃ መንከር ወይም መስኮት ከፍቶ ንፋስ ላይ ማስቀመጥ አይገባም፤ አራስ ሕፃን ቶሎ ይቀዘቅዛል። ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ እናትየው ጡት ታጥባትና እንዴት እንደምትጠባ ትይ። ከዚያ እንደገና ይለካ።

ሁለተኛው ልኬት 98.4 ቢሆን፣ ሕፃኗም እንደ ወትሮዋ ከጠባችና ከተነቃቃች፣ ሙቀቱ የጋቢው ነበር ማለት ነው፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ ይለካና ይታያል። ሁለተኛው 99.5 ወይም 99.7 ቢሆን ግን ተጨማሪ ልኬት አያስፈልግም። ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይኬዳል፤ በማግስቱ ሳይሆን ያኑ ዕለት። በዚህ ዕድሜ ከባድ ኢንፌክሽን በደም ውስጥ ገብቶም የሚታየው ምልክት ያቺ ትንሽ ትኩሳት ብቻ ልትሆን ትችላለች። ፓራሲታሞል ሰጥቶ ቁጥሩን አውርዶ መቆየት ምልክቱን መደበቅ ነው።

ሕፃኗ መጥባት ካቃታት ወይም ካቆመች፣ ካንቀጠቀጣት፣ ካልነኳት በቀር የማትንቀሳቀስ ከሆነ፣ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰች ወይም ስትተነፍስ ደረቷ በኃይል ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ ያን 15 ደቂቃም መጠበቅ የለም። ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን ይኬዳል። በዚህ ዕድሜ ዝቅታም እንደ ትኩሳት የሚፈራ ነው፤ በትክክል ተለክቶ ከ95.9፣ ማለትም ከ35.5 ሴልሺየስ በታች የወረደ ሕፃን ገላ ለገላ ከእናቱ ጋር ተጣብቆ እየሞቀ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት።

በስድስተኛው ሳምንት የሚሰጠው ክትባት በዚሁ የዕድሜ ክልል ውስጥ ይወድቃል። ከክትባት በኋላ ባለው አንድ ሁለት ቀን ሙቀት መጨመሩ የተለመደ ነው። ቢሆንም ሁለት ወር ላልሞላው ሕፃን ያንን መወሰን የወላጅ ሥራ አይደለም፤ ክትባቱ መቼ እንደተሰጠ ነግሮ ባለሙያ እንዲያየው ማድረግ ነው።

ልጁ ሦስት ዓመቱ ከሆነስ?

እዚህ ነገሩ ይላላል። በብብት 99.5 ያለው የሦስት ዓመት ልጅ በጤና ባለሙያው አቆጣጠር ትኩሳት አለው፤ ግን ቀላል ነው። እየጠጣ፣ እየተጫወተ ከሆነ ቁጥሩን ለማውረድ ተብሎ ፓራሲታሞል አያስፈልገውም። የሕፃናት ሕክምና መመሪያው ፓራሲታሞልን የሚያነሳው ከፍ ላለ ትኩሳት፣ 38.5 እና ከዚያ በላይ ማለትም ከ101.3 ፋራናይት ጀምሮ ነው። ፈሳሽ መስጠት፣ ልብስ ማቅለልና ከአራት ሰዓት በኋላ እንደገና መለካት ይበቃል። መጠጣት ካቃተው፣ የበላውን የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰው፣ ካንቀጠቀጠው፣ ከፈዘዘና ለመንቃት ካስቸገረ፣ ወይም አንገቱ ከደረቀ፣ ያኔ መለኪያውን ትቶ መሮጥ ነው።

የወባ አካባቢ ከሆነ ግን 99.5 ተንቆ አይታለፍም። ቆላ የሚኖር ወይም በቅርቡ ቆላ ደርሶ የመጣ ሰው፣ ሕፃንም ይሁን አዋቂ፣ በብብት 37.5 ከደረሰ የደም ምርመራ ይደረግለታል። የወባ ትኩሳት ስለሚወጣና ስለሚወርድ፣ ሲለካ ወርዶ ሊገኝ ይችላል፤ ለዚህ ነው ባለሙያው «ባለፉት ሁለት ቀናት ተኩሶት ነበር?» ብሎ የሚጠይቀው። ትናንት ማታ ገላው እንደ እሳት ፈጅቶ ዛሬ ጠዋት 98.6 የሆነ ሰው «ተሻለው» ተብሎ ቤት አይቀርም፤ የትናንቱ ይቆጠርለታል።

አዋቂ ሰው ከምላሱ ሥር 99.5 ካገኘስ?

መስታወቱ ላይ ቀስት የተደረገበት 98.6 ብዙ ሰው እንደሚያስበው የማይነቃነቅ ወሰን አይደለም። ቁጥሩ የመጣው ካርል ቩንደርሊች የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1868 ካሳተመው፣ በብብት ከተለካ እጅግ ብዙ የሙቀት መዝገብ ነው፤ አማካዩን 37 ሴልሺየስ አለ፣ ያ ወደ ፋራናይት ሲገለበጥ 98.6 ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1992 በአሜሪካ ሜሪላንድ ጤነኛ ወጣቶችና ጎልማሶች ከምላስ ሥር በዘመናዊ መለኪያ ሲለኩ አማካዩ 98.2 ሆኖ ተገኘ፤ ጤነኛ ሆነው እያለም ሙቀታቸው እስከ 99.9 ይደርስ ነበር።

ሰዓትም ዋጋ አለው። ሙቀታችን በጣም የሚወርደው ሌሊት ከ10 እስከ 12 ሰዓት ገደማ ነው፤ ከፍ የሚለው ደግሞ ከቀኑ 10 እስከ 12 ሰዓት ገደማ ነው። በመካከላቸው ወደ 0.9 ፋራናይት የሚጠጋ ልዩነት አለ። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ከሥራ የገባ ጤነኛ ሰው 99.5 ቢያይ ተፈጥሯዊ ነው። ያው ቁጥር ጎህ ሲቀድ ከአልጋ ሳይነሳ ከታየ ግን ከፍ ብሏል፤ በሜሪላንዱ ጥናት የማለዳው ከፍተኛ ልክ 98.9 ነበር። ሴቶች ከወር አበባቸው በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ገደማ ከግማሽ ፋራናይት እስከ አንድ ፋራናይት ቢጨምርባቸውም ሕመም አይደለም። ለማንኛውም አዋቂ በተለምዶ ትኩሳት የሚባለው 100.4 እና ከዚያ በላይ ነው።

አዛውንቶች ላይ ግን ይህ ወሰን ያዘናጋል። በዕድሜ የገፋ ሰው የዘወትር ሙቀቱ ዝቅ ያለ ነው፤ ሲታመምም እንደ ወጣት አይግልም። በአሜሪካ አዛውንቶችን በሚንከባከቡ ተቋማት ያሉ ሐኪሞች የሚከተሉት መመሪያ ከምላስ ሥር ተደጋግሞ ከ99 በላይ መገኘቱን፣ ወይም ከራሱ ከሰውዬው የዘወትር ሙቀት ከ2 ፋራናይት በላይ መጨመሩን እንደ ትኩሳት ይቆጥራል። ሁልጊዜ 97.2 የሚሆኑ አያት ዛሬ 99.5 ከሆኑ የጨመረባቸው 2.3 ነው። በተለይ ከቀባዠሩ፣ ምግብ ከተዉ፣ ወይም መነሳት ካቃታቸው መታየት አለባቸው። ለዚህ ሲባል ደህና በሆኑበት ቀን፣ ጠዋትና ማታ ለክቶ መጻፉ ጠቃሚ ነው፤ ማወዳደሪያ ከሌለ 99.5 ምን ያህል እንደጨመረ አይታወቅም።

የካንሰር መድኃኒት የሚወስድ ሰው፣ ወይም የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት ላይ ያለ፣ ከሆስፒታሉ የተነገረው የራሱ ወሰን አለው። የተነገረው በሴልሺየስ ከሆነና ቤት ያለው መለኪያ በፋራናይት ከሆነ፣ ያንን አንድ ቁጥር አስቀድሞ ቀይሮ መጻፍ ነው፤ «38 ሲደርስ ና» ከተባለ 100.4 ብሎ። 99.5 ሲያይ ደግሞ ፓራሲታሞል ሳይወስድ ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደገና ይለካ።

ለሐኪም ወይም ለዘመድ በስልክ ሲነገር

«99 ሆነ» ብሎ መናገር ብቻውን አይጠቅምም። ነርሷ የለመደችው ሴልሺየስ ነው፤ አሜሪካ ያለችው እህት ደግሞ «38.5» ስትባል ወዲያው አይገባትም። አራት ነገር በአንድ አረፍተ ነገር ይበቃል፦ ቁጥሩ ከነመለኪያው፣ የተለካበት ቦታ፣ ሰዓቱ፣ መድኃኒት ተወስዶ ከሆነ እሱ። «ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ላይ በብብት 99.5 ፋራናይት፣ ማለትም 37.5፤ መድኃኒት አልወሰደችም፤ አምስት ሳምንቷ ነው።» ይህን የሰማ ባለሙያ ሌላ ጥያቄ ሳያበዛ «አምጧት» ይላል።